ሙሽራዋን ያጠቆርኩበት ሉት

ባለፈው ጥር ደብረ ማርቆስ ላይ የቀረጽነውን ሰርግ ባስረከብኩ በሦስተኛው ቀን የሙሽራዋ እናት ፍላሽ ዲስኩን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወደ ስቱዲዮው መጡ። ይቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ። «አንተ ልጅ፣ ይህቺ የማን ልጅ ናት? የእኔን ልጅ ከሰል የቀባት ማን ነው?» አሉኝ። ፍላሹን ሰክቼ አብረን አየን። ዳሱ ውስጥ ሽማግሌዎች ሲመርቋት ካለው ቦታ ስንደርስ የምመልሰው ጠፋኝ። በጥላ በኩል ያለው ጉንጯ ጠቁሮ አይኗ አይለይም፤ በብርሃን በኩል ያለው ብርቱካናማ ሆኗል። ነጠላዋ ደግሞ ጥለቱ ጠፍቶ ወረቀት መስሏል። ይህንን ሥራ ሁለት ሳምንት ሙሉ አፍጥጬ ስሠራው ከርሜ፣ እኔ ያላየሁትን እናት በአንድ ጊዜ አዩት።

ጥፋቱ የካሜራው አልነበረም፣ የእኔ ነበር። ሥራው በሦስት መሣሪያ የተቀረጸ ነው። ሙሽሮቹን ውጭ የቀረጽኩት በሶኒ ካሜራ፣ በኤስ-ሎግ 3 ነው፤ ኋላ ላይ ቀለሙ እንዲሠራ ተብሎ ምስሉን ደብዛዛ አድርጎ የሚቀርጽ ቅንብር ነው። ዳሱን ጓደኛዬ በካኖን በተለመደው የምስል ቅንብር ቀረጸው። ሚዜዎቹ ሙሽራዋን ሊወስዱ ሲገቡ ያለውን ደግሞ የአጎቷ ልጅ በስልኩ ቀርጾ ሰጠን። ድምፁን አስማምቼ ቆርጬ ገጣጠምኩት፤ እስከዚህ ድረስ የሚወራ ችግር የለም።

ከዚያ ሉቱ መጣ። ሉት ማለት የቀለም ሰንጠረዥ ነው፤ እንዲህ ያለ ቀለም ሲገባ እንዲህ ያለ ቀለም ይውጣ ብሎ አስቀድሞ የተጻፈ ዝርዝር። እኔ የገዛሁት ለኤስ-ሎግ 3 የተሠራ ሲሆን፣ ሁለት ሥራ በአንድ ላይ ይዟል፦ ደብዛዛውን የሎግ ምስል ወደ መደበኛ ቴሌቪዥን ምስል መቀየር፣ በዚያ ላይም የራሱን የቀለም መልክ መጨመር። የሸጠልኝ ሰው «ለሁሉም ካሜራ ይሆናል» ብሎ ነበር። የምሠራበት ስቱዲዮ ባለቤትም አንድ አስተካካይ ንብርብር ከሁሉም በላይ ዘርጋና ሉቱን እዚያ ጣለው፣ ሁላችንም የምንሠራው እንደዚህ ነው አለኝ። ሁለቱንም አመንኩ። ለማመን የቸኮልኩት ደግሞ ሥራ ስለሚያቀልልኝ እንደሆነ ዛሬ አውቃለሁ።

የሶኒው ምስል ላይ ሉቱ አምሮበታል። ያታለለኝም ይኸው ነው። የካኖኑና የስልኩ ምስል ግን አስቀድሞ መደበኛ የቴሌቪዥን ምስል ነው፤ ሉቱ ሳያውቅ እንደ ሎግ ቆጥሮ ድጋሚ ቀየረው።

ድጋሚ መቀየሩ የሚያመጣው ጉዳት ለምን ቶሎ እንደማይታይ ቁጥሩን ካየሁ በኋላ ነው የገባኝ። የምስል ብርሃን ከ0 እስከ 100 በመቶ ሲለካ፣ በኤስ-ሎግ 3 መካከለኛ ግራጫ የሚቀመጠው 41 በመቶ ላይ ነው። በመደበኛው ምስልም ግራጫው እዚያው አካባቢ ነው። ስለዚህ መሃሉ አይነቃነቅም፤ ምስሉን በአጠቃላይ ስታየው ብርሃኑ ልክ ይመስላል። የሚለያዩት ዳርና ዳሩ ናቸው። ነጭ ጨርቅ በኤስ-ሎግ 3 የሚቀመጠው 61 በመቶ ላይ ሲሆን፣ በካኖኑ ምስል ግን የሙሽራዋ ነጠላ 90 በመቶ ላይ ነበር። በሎግ ቋንቋ 90 በመቶ ማለት ከነጭ ጨርቅ ዘጠኝ እጥፍ ያህል የደመቀ ነገር ነው፤ ሉቱ ነጠላውን እንደ መብራት ቆጥሮ ነጭ ላይ ደፈጠጠው። ጥላ ያረፈበት ጉንጯ ደግሞ 20 በመቶ ላይ ነበር። ሎግ 20 በመቶን የሚተረጉመው በግማሽ ያህል በጨለመ ብርሃን ነው፤ መልክ ሳይጨመርበት፣ ቅየራው ብቻውን ጉንጩን ወደ 12 በመቶ ያወርደዋል። መልኩ ሲጨመርበት ከዚያም ወረደ። ብርቱካናማው ቀለም የመጣው ከዚሁ ድርብ ቅየራ ነው፤ የሎግ ምስል ቀለሙ የፈዘዘ ስለሆነ ሉቱ ቀለም ያጎላል፣ አስቀድሞ የጎላውን ሲያጎላው ፊት ይቃጠላል።

እናትየውን በሳምንት ውስጥ አስተካክላለሁ ብዬ ሸኘኋቸውና ሁለተኛውን ስህተት ጀመርኩ። ከሉቱ በኋላ ሌላ ኖድ፣ ማለትም ሌላ የማስተካከያ ደረጃ፣ ጨምሬ ጥላውን ከፍ፣ ነጩን ዝቅ አደረግሁ። ጉንጯ አመድ መሰለ። ነጠላውም ነጭነቱ ወደ ግራጫ ወረደ እንጂ ጥለቱ አልተመለሰም። የዚህ መለያው የምስሉን የብርሃን መጠን በሚያሳየው ዌቭፎርም ላይ ነው፦ ነጩን ዝቅ ስታደርገው ጠፍጣፋው መስመር ጠፍጣፋ እንደሆነ ከወረደ ውስጡ ምንም የለም ማለት ነው። ሰንጠረዡ 88 እና 92 በመቶ የነበሩትን ሁለት ክሮች አንድ ዋጋ ሰጥቷቸው ካለፈ፣ ከእሱ በኋላ የሚመጣ ምንም ዓይነት ማስተካከያ ልዩነታቸውን አያውቀውም። ከሉቱ በፊት ግን ልዩነቱ አለ። ይህንን ለመረዳት ሁለት ሌሊት ፈጀሁ፤ አስቤው ቢሆን በሁለት ደቂቃ የሚገባ ነገር ነው።

ሦስተኛው ስህተቴ ደግሞ ብዙ ሰው የሚመክረው ነው። ሉቱ ከበዛብህ በ`Key Output Gain` ጉልበቱን ወደ ግማሽ አውርደው ይላሉ። መልክ ብቻ ለያዘ ሉት ልክ ነው። ቅየራንም ለያዘ ሉት ግን አይሠራም፤ ግማሹን ስትቀንስ ከሥሩ ያለው ያልተቀየረ የሎግ ምስል ብቅ ይላል። የሶኒው ምስሌ ወተት የፈሰሰበት መሰለ።

በመጨረሻ የሠራልኝ እነሆ። ዳቪንቺ ሪዞልቭ በሚባለው የቀለም ማስተካከያ ሶፍትዌር ውስጥ የእያንዳንዱን መሣሪያ ክሊፖች ለይቼ በ`Add into a New Group` ሦስት ቡድን አደረግኋቸው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሉቱ ኤስ-ሎግ 3 ከሆነ የሚጠብቀው፣ ሌሎቹም ከእሱ ፊት ሲቀርቡ ኤስ-ሎግ 3 ሆነው ይቅረቡ። ለካኖኑና ለስልኩ ቡድን `Group Pre-Clip` ላይ ምስልን ከመደበኛው (Rec.709) ወደ ሎግ የሚቀይር አንድ `Color Space Transform` አስቀመጥኩ፦

```
Input Color Space:  Rec.709
Input Gamma:        Gamma 2.4
Output Color Space: S-Gamut3.Cine
Output Gamma:       S-Log3
Tone Mapping:       None
```

የመጨረሻው መስመር አይዘለል። `None` ካላልከው ሶፍትዌሩ ነጩን በራሱ መንገድ ያጥፈዋል፤ ከዚያ በኋላ የምታነበው ቁጥር ትርጉም የለውም። ይህ ሲደረግ የካኖኑ ነጭ ወደ 60 በመቶ አካባቢ ይወርዳል፣ ሉቱም ነጠላን እንደ ነጠላ ያየዋል። የሶኒው ቡድን ምንም አያስፈልገውም። ካኖኑ የራሱን የምስል ቅንብር ስለሚጨምር ቅየራው በጣም ትክክል አይሆንም፤ የእኔ ትንሽ ጨልሞ ስለወጣ በ`Clip` ደረጃ፣ ማለትም ከሉቱ በፊት፣ በእጅ ከፍ አደረግሁት። ሉቱን ያስቀመጥኩት `Group Post-Clip` ላይ ነው። በ`Timeline` ደረጃ አንድ ጊዜ ብቻ ማስቀመጡ ይቀላል ይላሉ፤ እኔ ግን አልወደውም፣ የሙሽሮቹ ስም የተጻፈበትን ነጭ ፊደል ሳይቀር ቢጫ ያደርግብሃል።

የሉቱን ጉልበት ለመቀነስም መንገድ አለ። በ`Layer Mixer` ሁለት መስመር ትሠራለህ፤ ከላይ ባለው ከኤስ-ሎግ 3 ወደ Rec.709 የሚቀይር ንጹሕ `Color Space Transform`፣ ከታች ባለው ሉቱ። ከዚያ የታችኛውን `Key Output Gain` 0.5 ስታደርገው የሚደባለቁት ሁለቱም የተቀየሩ ምስሎች ስለሆኑ ወተቱ አይመጣም። የመጨረሻው ሥራ በሙሉ በ0.5 ነው የወጣው፤ ማንም ጎደለው አላለም።

የቆዳ ቀለምን በተመለከተ በየመማሪያው የሚደጋገመውን ቁጥር አትቀበሉ። ፊት 70 በመቶ ላይ ይሁን የሚለው ለነጣ ቆዳ የተባለ ነው። የእኛ ሙሽራ ፊቷ ከ40 እስከ 50 በመቶ ላይ ሲሆን ነው ራሷን የምትመስለው። እኔ በመጀመሪያ ሙከራዬ 70 ላይ ለማድረስ ስገፋው ነጠላው ተቃጠለ፣ ፊቷም ዱቄት የነካው መሰለ። ብርሃኑን በነጠላው ለኩት፤ ፊት ደግሞ ባለበት ይቀመጥ። ቀለሙ መሳቱን የሚናገረው ቀለም ወደየት እንዳዘነበለ በሚያሳየው ቬክተርስኮፕ ላይ ያለው የቆዳ መስመር ነው። የቀይ ዳማም ሆነ የጠይም ፊት ቀለሙ ወደዚያው አቅጣጫ ስለሚጠጋ መስመሩ ለሁሉም ያገለግላል። የዳሱ ሸራ ሰማያዊ ስለነበር የሁሉም ሰው ፊት ከመስመሩ ርቆ ነበር፤ ነጭ ሚዛኑን ከሉቱ በፊት ስመልሰው ገባ። ከሉቱ በኋላ ስሞክረው ፊቱ ሲስተካከል ድንኳኑ ሐምራዊ ይሆንብኝ ነበር።

የማይድንም አለ። አያትየው ከዳሱ በር ላይ ቆመው ሲመርቁ ፀሐይ ያረፈበት ጋቢያቸው ካኖኑ ራሱ ላይ 100 በመቶ ነክቶ ተቃጥሎ ነበር። እሱን የትኛውም ቅየራ አይመልሰውም። አሁን ጓደኛዬ ካኖኑን ሲያበራ በጣም የደመቀውን ቦታ በሰረዝ የሚያሳየውን የሜዳ አህያ መስመር 95 በመቶ ላይ አድርጎ፣ ከጋቢና ከነጠላ ላይ መስመሩ እስኪጠፋ ብርሃኑን እንዲቀንስ አስገድደዋለሁ። ፊቱ ጨለመ ብሎ ይጨቃጨቀኛል። ይጨልም፤ ካኖኑ ውስጥ ከጥላው ትንሽ ማውጣት ይቻላል፣ ከተቃጠለው ግን ምንም አይወጣም።

የተስተካከለውን ይዤ እናትየው ቤት ሄድኩ። ሳሎን ውስጥ ባለው ቴሌቪዥን ላይ አየነው። ምርቃቱ ላይ ሲደርስ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ብለው የልጃቸውን ጉንጭ በጣታቸው ነኩና «አሁን እሷ ናት» አሉ። ከዚያ አያትየው መጡ። ጋቢያቸው ነጭ እንደሆነ ነበር፤ እሱን ግን አላነሱትም። እኔም አላነሳሁትም። ያጠፋሁትን አራት ሌሊት ደግሞ ስቱዲዮው እንደ ትርፍ ሰዓት አልቆጠረልኝም፤ ባለቤቱ እስከ ዛሬ ሉቱን ከሁሉም በላይ ይጥለዋል።