ለአለቃዬ የጻፍኩት ደብዳቤ

ዛሬ ከምሳ በኋላ ደብዳቤውን ለአለቃዬ ሰጠኋቸው። አንድ ገጽ እንኳን አይሞላም፤ ለመጻፍ ግን አራት ምሽት ፈጅቶብኛል። የእርግዝናዬ 15ኛ ሳምንት ላይ ነኝ። ከባለቤቴ፣ ከእናቴ፣ ከሐኪሜና ከምትከታተለኝ አዋላጅ ነርስ በስተቀር እስከ ዛሬ ማንም አያውቅም ነበር።

በቃል መንገር ይቀለኝ ነበር። በመጀመሪያው እርግዝናዬ ያደረግኩት እሱን ነው። ያኔ የምሠራው ሌላ ቦታ ነበር። ለአለቃዬ ኮሪደር ላይ ቆመን ነገርኳት፤ አቀፈችኝና "እንኳን ደስ አለሽ፣ ክትትል ሲኖርሽ ሂጂ፣ ምንም ችግር የለም" አለችኝ። ከልቧ ነበር። ግን የትም አልተጻፈም። ከሁለት ወር በኋላ ቀሪ የዓመት ፈቃዴን ስጠይቅ፣ ለክትትል የወጣሁባቸው ጠዋቶች በሙሉ ከዚያ ላይ ተቀንሰው አገኘኋቸው። ኤችአር ሄጄ ስጠይቅ "እኛ ጋ የደረሰ ነገር የለም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ምንም አልደረሳቸውም።

ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ መለመን ጀመርኩ። ማንም ለምኚ አላለኝም፣ ግን እንደዚያ ይሰማኝ ነበር። 30ኛው ሳምንት ላይ የነበረኝ ቀጠሮ ከአንድ ትልቅ ስብሰባ ጋር ሲጋጭ አፌን ሞልቼ መናገር አቃተኝና ቀጠሮውን ተውኩት። ደህና ነኝ ብዬ ነበር። በሚቀጥለው እሄዳለሁ ብዬ።

34ኛው ሳምንት ላይ ስሄድ ግፊቴ 150 በ100 ነበር። ነርሷ ለካችኝ፣ ትንሽ አረፍ በይ ብላ ደግማ ለካችኝ፣ ከዚያ ብዙ ሳትናገር ለሽንት የሚሆን ዕቃ ሰጠችኝ። ሽንቴ ውስጥ ፕሮቲን ተገኘ። ያን ቀን ወደ ቤት አልተመለስኩም። ፕሪኤክላምሲያ ነው አሉኝ። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የሚመጣ የደም ግፊት ሲሆን፣ 140 በ90 ከደረሰ ጀምሮ በቀላሉ አያልፉትም፤ ከቆየ ኩላሊትንና ጉበትን ይጎዳል፣ ሲብስም እናቲቱን ያንቀጠቅጣል። የሚያስፈራው ብዙ ሴቶች ምንም ሳይሰማቸው የሚጀምር መሆኑ ነው። እኔ ለሁለት ሳምንት ያህል ራሴን ያመኝ ነበር፣ ኮምፒውተር ላይ ስለማፈጥ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ልጄ በ37ኛው ሳምንት ተወለደች። ደህና ናት፣ ይሄን ስጽፍ አጠገቤ ተኝታለች። ያን የ30ኛ ሳምንት ቀጠሮ ባልተወው ኖሮ ቀድሞ ይታይ ነበር ወይ የሚለውን ማንም እርግጠኛ ሆኖ ሊነግረኝ አይችልም። ግን ግፊት የሚታወቀው ሲለካ ብቻ ነው፣ እኔ ደግሞ ከወር በላይ አልተለካሁም።

ለዚህ ነው ዘንድሮ በጽሑፍ ይሁን ያልኩት።

የመጀመሪያው ምሽት ደብዳቤ ይቅርታ ብቻ ነበር። "በሥራ በተወጠርንበት ሰዓት ይህን በማሳወቄ አዝናለሁ" ብሎ ይጀምራል። ባለቤቴ አነበበውና "ምን አጠፋሽ?" አለኝ። ቀደድኩት። ሁለተኛው ደግሞ የሕክምና ታሪክ ሆነ፦ የ150 በ100ው ነገር፣ በፊት ያ ስለደረሰብኝ ሐኪሟ በየማታው እንድወስድ ያዘዘችልኝ ትንሿ አስፕሪን፣ ሁሉም ገባበት። ጠዋት ስነቃ ደነገጥኩ። ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ይገባል፣ ማን እንደሚያነበው አላውቅም። አለቃዬ ማወቅ ያለባቸው መቼ እንደማልኖርና ለስንት ሰዓት እንደሆነ ነው። ሰውነቴ ውስጥ ያለው የእኔና የሐኪሜ ነው። ሁሉንም አውጥቼ "ሐኪሜ ጠበቅ ያለ ክትትል ያስፈልግሻል ብላኛለች" የምትል አንድ መስመር ብቻ ተውኩ።

ሦስተኛው ላይ በሳምንት ቁጥር ጻፍኩት። 20ኛ፣ 26ኛ፣ 30ኛ፣ 34ኛ እያልኩ። እኛ ነፍሰ ጡሮች በሳምንት ነው የምናስበው፣ ለሌላው ሰው ግን ምንም አይነግርም። ሳምንቱ የሚቆጠረው ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን መሆኑን እንኳን ብዙ ሰው አያውቅም። ስለዚህ የክትትል ካርዴን ይዤ ተቀመጥኩና ሁሉንም ወደ ቀን ቀየርኩት። ያኔ ነው አንድ ነገር የታየኝ፦ ነርሷ የሰጠችኝ ቀኖች በሙሉ ማክሰኞ ላይ ይውላሉ። ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ የክፍላችን ስብሰባ ነው። በማግስቱ ደወልኩላትና ሁሉንም ወደ ሐሙስ ገፋችልኝ። ሁለት ቀን ምንም አይጎዳም አለች። እንደ ድሮው በቃል ብናገር ኖሮ ይሄ ግጭት የሚታወቀው በየስብሰባው ዋዜማ ነበር።

ቀጥሎ ሰዓቱን ደመርኩ። አንድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ነርሷ ጋ የምቀመጠው ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ቀሪው መንገድ፣ ካርድ ማውጣት፣ ሽንት ሰጥቶ ውጤት መጠበቅ፣ ወረፋ ነው። አንዱ ቀጠሮ ብቻ አምስት ሰዓት ይወስዳል፣ እሱም የስኳር ምርመራው ነው። ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ የሚሠራ ሲሆን፣ ማታ ከበላሽ በኋላ ምንም ሳትቀምሺ ትሄጃለሽ፣ ደም ይወሰዳል፣ 75 ግራም ግሉኮስ የተበጠበጠበት ውሃ ትጠጫለሽ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደም፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደገና ደም። በመሃል መብላትም ወጣ ገባ ማለትም የለም። የመጨረሻውን ደም ሳትሰጪ ወደ ሥራ ከሮጥሽ ሌላ ቀን ከዜሮ ትጀምሪያለሽ። "ሁለት ሰዓት ብቻ" ብዬ ብጽፍ ኖሮ ያን ቀን በስልክ እየተጠራሁ እቀመጥ ነበር።

ድምሩ አስገረመኝ። ከቀሩኝ ሰባት ቀጠሮዎች የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የወሊድ ፈቃድ ላይ ሆኜ የሚደርሱ ናቸው። ከሥራ ሰዓት የሚነኩት አምስቱ ሲደመሩ 17 ሰዓት ነው። በአምስት ወር ውስጥ ከሁለት የሥራ ቀን ትንሽ ፈቀቅ ያለ። ስንት ሌሊት የተጨነቅኩበት ነገር ይሄን ታህል ነበር። ቁጥሩን ደብዳቤው ውስጥ አስገባሁት። እንዲህ ሆኖ አለቀ፦

"ነፍሰ ጡር መሆኔንና ሰኔ አጋማሽ ላይ እንደምወልድ የሚጠበቅ መሆኑን በዚህ ደብዳቤ አሳውቃለሁ። ለእርግዝና ክትትል በሚከተሉት ሐሙሶች ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ተኩል ከሥራ ገበታዬ አልኖርም፦ ጥር 26፣ ሚያዝያ 6፣ ግንቦት 4 እና ግንቦት 18። መጋቢት 8 ቀን ረዘም ያለ ምርመራ ስላለኝ የምመለሰው 7 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ጠቅላላው 17 ሰዓት ነው። ሐኪሜ ጠበቅ ያለ ክትትል ያስፈልግሻል ስላለችኝ ተጨማሪ ቀጠሮ ከተሰጠኝ በዚያው ቀን አሳውቃለሁ። ይህ ጊዜ ከዓመት ፈቃዴ ሳይቀነስ በክትትል ፈቃድ እንዲመዘገብልኝና ለሰው ሀብት ክፍል በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ። ከእያንዳንዱ ቀጠሮ ስመለስ የቀጠሮ ወረቀቱን አሳያለሁ። እኔ ራሴ ለባልደረቦቼ እስክነግር ድረስ ጉዳዩ በእርስዎና በሰው ሀብት ክፍል መካከል እንዲቆይልኝ አደራ እላለሁ።"

ስለ ወሊድ ፈቃዱ ምንም አላነሳሁም። እሱ ለብቻው ደብዳቤ ይፈልጋል፤ ሁለቱን ከቀላቀልኩ ንግግሩ ሁሉ ወደ ረጅሙ ፈቃድ ይሄድና የሐሙሶቹ ነገር ይረሳል። የዓለም የሥራ ድርጅትም በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጣው 191ኛ ምክረ ሐሳብ ላይ፣ ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ለአሠሪዋ አሳውቃ ለምርመራ ከሥራ ቦታዋ መውጣት እንድትችል ይላል። ይሄንን አልጠቀስኩም። እምቢ ቢሉኝ እጠቅሰዋለሁ ብዬ ያዝኩት።

አለቃዬ 10 ሰዓት ላይ ጠሩኝ። ልቤ ይመታ ነበር። በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ አሉኝ። ከዚያ ወረቀቱን እያዩ "ባለቤቴ የኛን ልጆች ስታረግዝ አራት ጊዜ ነበር የሄደችው፣ ይሄ አልበዛም እንዴ?" አሉ። በክፋት አልነበረም፣ በእርግጥም የሚያውቁት እሱን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ከአራት ወደ ስምንት ከፍ እንዳደረገው ነገርኳቸው። የመጀመሪያው 12ኛው ሳምንት ላይ ነው፣ እሱን በዓመት ፈቃዴ ሄጄበታለሁ፤ መጨረሻ ላይ የሚቀራረቡት ደግሞ ግፊት ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ያኔ ስለሆነ ነው አልኳቸው። የራሴን ታሪክ አልነገርኳቸውም። አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ መለስኩት።

ዝም ብለው ቆዩና "መጋቢት 8 ላይ ለምንድነው እስከ 7 ሰዓት ተኩል?" አሉኝ። ስለ ስኳር ምርመራው ነገርኳቸው። "ሳትበይ?" አሉ። ሳልበላ አልኳቸው። ብዕር አነሱና ቀኑ አጠገብ "ሙሉ ጠዋት" ብለው ጻፉ፣ "ምሳሽን በልተሽ ነይ" አሉኝ።

ኮፒው ላይ "ደርሶኛል" ብለው ፈረሙልኝ፣ ቀኑንም አስገቡበት። ከመውጣቴ በፊት ኮምፒውተራቸውን ወደ እኔ አዞሩና የክፍሉን የጋራ የጊዜ ሰሌዳ አሳዩኝ። አምስቱም ሐሙሶች ላይ ስሜ ተጽፏል፣ ከጎኑ "ከቢሮ ውጪ" ብቻ ይላል። ኮፒውን አሁን ከክትትል ካርዴ ጋር አንድ ፖስታ ውስጥ ከትቼዋለሁ።