የ3 ሚሊሜትር ስንጥቅ ቱቦላሬን ምን ያህል ያደክማል? በባሕር ዳር ወርክሾፕ የለካሁት

በጣና ዳር ያሉ ብዙ የማስታወቂያ ሰሌዳዎች አንድ ምሰሶ ብቻ ነው ያላቸው፤ ሰሌዳውም በአንድ ጎን ይወጣል። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ሲገፋው ምሰሶው ከመታጠፉ ሌላ ይጠመዘዛል። አንድ ደንበኛ የመብራት ሽቦ እንደ ልብ እንዲገባና እንዲወጣ ምሰሶው ከላይ እስከ ታች በግራይንደር ይሰንጠቅልኝ አለ። በያጁ «የ3 ሚሊሜትር ስንጥቅ ምን ይጎዳዋል? ብረቱ እኮ ያው ነው» አለ። ለመታጠፍ ከሆነ ንግግሩ ብዙም አይሳሳትም። ለጥምዘዛ ግን ስሌቱ ጨርሶ ሌላ ስለሆነ፣ ሁለቱንም ሠርቼ ለካሁ።

የተጠቀምኩት ባለ 40 በ40፣ የ2 ሚሊሜትር ቱቦላሬ ነው፤ ከአንድ ዘንግ ሁለት የ1 ሜትር ቁራጭ ወሰድኩ። የአንዱን ጫፍ በ6 ሚሊሜትር ፕሌት ከከባድ የሥራ ጠረጴዛ ጋር በየድኩ። በሌላው ጫፍ ላይ ደግሞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ 50 ሴንቲሜትር የሚወጣ ክንድ በየድኩ። ክብደቱ ከአንዱ ክንድ ጫፍ ይንጠለጠላል።

ቀመሩ ቱቦውን የሚያየው በግድግዳው ውፍረት መሃል በሚያልፈው መስመር ነው። ለእኛ ቱቦ ይህ መስመር 38 በ38 ሚሊሜትር ካሬ ነው፤ የሚከበው ስፋት 1444 ካሬ ሚሊሜትር፣ ዙሪያው 152 ሚሊሜትር ይሆናል። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ብሬት በ1896 እንዳሳየው፣ በዝግ ቱቦ ውስጥ የሸር ኃይሉ፣ ማለትም ብረቱን በጎን ለማንሸራተት የሚገፋው ኃይል፣ ሳይቋረጥ ግድግዳውን ይዞ ይዞራል፤ በየሚሊሜትሩ ዙሪያ የሚያልፈው መጠንም በሁሉም ቦታ እኩል ነው። ይህ የሸር ፍሰት ይባላል። ከታች q ይህ ፍሰት፣ T ቶርኩ ማለትም ጠምዛዡ ጉልበት፣ A የሚከበው ስፋት፣ t የግድግዳው ውፍረት፣ s ዙሪያው ነው፤ J ደግሞ ቅርጹ ጥምዘዛን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚያሳይ ቁጥር ነው።

```
q = T / (2·A)
J (ዝግ)  = 4·A²·t / s = 109744 mm⁴
J (ክፍት) = s·t³ / 3   = 405 mm⁴
```

ፍሰቱ እኩል ነው ማለት ስትረሱ፣ ማለትም በየካሬ ሚሊሜትሩ የሚያርፈው ኃይል፣ እኩል ነው ማለት አይደለም። አንዱ ግድግዳ ከዝገት የተነሳ 1 ሚሊሜትር ብቻ ቢቀር ያው ፍሰት በግማሽ ውፍረት ያልፋል፤ ስትረሱም እዚያ እጥፍ ይሆናል። የዛገ ምሰሶ ከመሬቱ አጠገብ የሚሰነጠቅበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሁለቱ J በ270 እጥፍ ይለያያሉ። በዝግ ቱቦ ኃይሉ የሚዞረው ከመሃሉ 19 ሚሊሜትር ርቆ ስለሆነ ረጅም ክንድ አለው። ስንጥቁ ይህን ዙሪያ ይቆርጠዋል። ያኔ ሸሩ በግድግዳው በአንዱ ፊት ወጥቶ በሌላው ፊት ለመመለስ ይገደዳል፤ ክንዱም በ2 ሚሊሜትር ውፍረት ውስጥ የሚገኘው ብቻ ይሆናል። የብረቱ መጠን ሳይቀንስ የሚሠራበት መንገድ ጠፋ ማለት ነው።

መጀመሪያ ዝጉን ፈተንኩ። ከክንዱ ጫፍ 10 ኪሎ ሲንጠለጠል ቶርኩ 49 ኒውተን ሜትር ነው። ስሌቱ የክንዱ ጫፍ 2.8 ሚሊሜትር ይወርዳል ይላል፤ የለካሁት ግን 5.5 ነበር። ቀመሩ አልተሳሳተም፤ ቱቦው ከመጠምዘዙ በተጨማሪ ወደ ታች ታጥፏል። መታጠፉ ብቻውን 2.2 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ቀሪው የክንዱ የራሱ መታጠፍ ነው። ሁለት ጎን ክንድ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ባዶው ክንድ 0.5 ሚሊሜትር ወጥቶ ነበር። የወረደውንና የወጣውን ደምሮ ለሁለት ማካፈል መታጠፉን ያጠፋዋል፤ 3.0 ሚሊሜትር ተገኘ። ለእንዲህ ያለ መለኪያ በቂ ነው። በአንድ ጎን ብቻ የለካ ሰው ቱቦው ግማሽ ጥንካሬውን ያጣ ይመስለዋል።

ከዚያ ሁለተኛውን ቁራጭ፣ ሁለቱም ጫፍ ከፕሌት ጋር እንደተበየደ፣ በሙሉ ርዝመቱ ሰነጠቅኩ። ለክፍት ቱቦ 10 ኪሎ አይሆንም፤ ስትረሱ ወደ 240 ሜጋፓስካል ስለሚደርስ ተራ ብረት ተጠምዝዞ ይቀራል። ስለዚህ 1 ኪሎ ብቻ ሰቀልኩ። ስሌቱ 75 ሚሊሜትር ሲጠብቅ የተገኘው 11 ነበር። እዚህ ላይ «ቀመሩ ያጋንናል» ብሎ ማቆም ይቀላል፤ የነገሩ ቁልፍ ግን ያለው እዚሁ ነው።

የተሰነጠቀ ቱቦ ሲጠመዘዝ የስንጥቁ ሁለት ከንፈሮች በቱቦው ርዝመት አቅጣጫ አንዱ ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ ይንሸራተታሉ። ይህ ዋርፒንግ ይባላል። በ1 ኪሎው ልዩነታቸው 0.4 ሚሊሜትር ገደማ መሆን አለበት። ጫፉ ላይ የተበየደ ፕሌት ይህን መንሸራተት ይከለክላል፤ ቱቦውም ከጫፉ አጠገብ በሰው ሠራሽ መንገድ ይደነድናል። ለዚህ ቱቦ የፕሌቱ ተጽዕኖ የሚደርሰው 70 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ርዝመቱ 1 ሜትር ብቻ ሆኖ ሁለቱም ጫፍ ሲያዝ ነፃ የሆነ ቦታ አይቀርም። ዝጉ ካሬ ቱቦ ግን በየጎኑ እኩል ስለሆነ ዋርፒንግ የለውም፤ ፕሌቱ ለእሱ ምንም አልለወጠም።

ስለዚህ ፕሌቶቹን ቆርጬ በምትካቸው 36 በ36 የሆነ፣ 8 ሴንቲሜትር የሚገባ የጠንካራ እንጨት ታኮ ግሪስ ቀብቼ በሁለቱም ጫፍ አስገባሁ። ታኮው ቱቦው እንዳይሽከረከር ይይዘዋል፤ ግድግዳው ግን በርዝመቱ እንዲንሸራተት ይፈቅዳል። ከፊተኛው ታኮ መሃል የወጣ ቦልት በሹካ ላይ ተቀመጠ፤ ክንዱም ከታኮው ጋር በቦልት ታሰረ። አሁን የተገኘው 67 ሚሊሜትር ሆነ። የቀረው የግሪሱ ሰበቃ ነው ብዬ እወስዳለሁ። በስንጥቁ ላይ አቋርጬ በመጫሪያ ያሰመርኩት መስመር ጫፉ አጠገብ በዓይን በሚታይ መጠን ተለያየ። ይህ መስመር ካልተለያየ ጫፉ በአንድ ቦታ ተይዟል ወይም ከንፈሮቹ ተነካክተዋል። ቀጭን ዲስክ የሚተወው ክፍተት በቱቦው ውስጣዊ ውጥረት ሊዘጋ ስለሚችል 3 ሚሊሜትር አድርጌ አሰፋሁት። ስንጥቁን በፋብሪካው ብየዳ መስመር ላይ ማድረግም ይጠቅማል፤ ውስጥ ያለው ጉብታ አብሮ ስለሚወጣ ታኮው አይነክስም።

ወደ ምሰሶው ስንመለስ፣ 3 ሜትር ርዝመት ኖሮት ከታች ብቻ በፕሌት ከተያዘ፣ ፕሌቱ ጥምዘዛውን ቢቀንስ በሩብ ያህል ነው። በጠረጴዛ ላይ በአጭር ናሙና ጠንካራ የመሰለ ስንጥቅ ሜዳ ላይ የሚወዛወዘው ለዚህ ነው። 300 ኒውተን የነፋስ ግፊት ከምሰሶው 60 ሴንቲሜትር ርቆ ቢያርፍ ቶርኩ 180 ኒውተን ሜትር ይሆናል። በዝጉ 40 በ40 የሸር ፍሰቱ 62 ኒውተን በሚሊሜትር፣ ስትረሱም 31 ሜጋፓስካል ብቻ ነው።

በያጁ ስንጥቁን በየ15 ሴንቲሜትሩ በነጥብ ብየዳ እንዝጋው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ፍሰቱ ግን በእነዚያ ነጥቦች ብቻ ይሻገራል፤ እያንዳንዱ 62 ጊዜ 150፣ ማለትም ከ9 ሺህ ኒውተን በላይ ይሸከማል። 15 ሚሊሜትር ርዝመትና 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ነጥብ በ310 ሜጋፓስካል ይጨነቃል፤ ያንን አይችልም። ያልተቋረጠ ብየዳ ግን ያንኑ ፍሰት በ31 ሜጋፓስካል ያሻግረዋል።

በመጨረሻ ምሰሶውን ሳንሰነጥቅ ከታችና ከላይ ባለ 16 ሚሊሜትር ቀዳዳ በስተን ሽቦውን በመጎተቻ ሲባጎ አሳለፍነው። ቀዳዳውን ፍሰቱ ዞሮት ያልፋል፤ ጠርዙን ግን ሞርደን ጎማ አለበስነው፣ የሽቦውን ልባስ እንዳይበላው።