ግማሽ መንገድ ላይ

ዛሬ የባልደረባዬን ሜካኒካል ኪቦርድ ተውሼ ረጅም ሪፖርት ጻፍኩበት። ማታ ጣቶቼ እንደ ሌላው ቀን አልዛሉም። ለምን ይሆን ብዬ አንዷን ቁልፍ በጣም ቀስ አድርጌ ተጫንኳት። ግማሽ መንገድ፣ 2 ሚሊሜትር ገደማ ስትወርድ ፊደሉ ስክሪኑ ላይ ወጣ።

የኔ ሜምብሬን ኪቦርድ ላይም ሞከርኩ። ከስር ያለው ጎማ ተጨፍልቆ ቁልፉ ታች ሊደርስ እስኪል ድረስ ምንም የለም። ለካ እያንዳንዱን ፊደል ስደበድብ ነው የኖርኩት!

ልማዱ ግን አብሮ ይመጣል። የመጀመሪያውን ሰዓት ሜካኒካሉንም ስደበድበው ነበር። ቀለል አድርጎ መንካት ካልተለመደ ልዩነቱ ብዙም አይሰማም።

ድምፁስ? ከሜካኒካል ኪቦርድ ቁልፎች ስር የሚገባው ስዊች በቀለም ይለያል፤ ሰማያዊው ቀጭ ቀጭ ስለሚል አጠገብ የተቀመጠን ሰው ይረብሻል። እኔ ቡናማውን እመርጣለሁ። መሃል ላይ ያለችው ትንሽ ጉብታ ለጣት ትሰማለች፣ ያ ቀጭታ ግን የለም።