ከጭብጨባው በኋላ

ዛሬ ጎንደር፣ አንድ ባለሙያ ስለ ፋሲል ግቢ ጥገና ተናግረው ጨረሱ። መድረክ መሪዋ ጭብጨባው እስኪበርድ ጠበቀች፤ በላዩ ብትናገር የመጀመሪያ ቃሏ ይዋጥ ነበር። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «መምህር፣ ሲሚንቶ እርጥበቱን አፍኖ ድንጋዩን እንደሚጎዳው፣ ኖራ ግን እንደሚያስወጣው ስላሳዩን እናመሰግናለን። ያንን ኖራ በእጃቸው የሚያቦኩት ግንበኛ ደግሞ እዚሁ አሉ።» የግንበኛውን ስም የጠራችው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

«ግሩም ትምህርት ነበር» ለማንኛውም ንግግር ይሆናል። እሷ ግን ከንግግሩ አንዲት ነገር፣ ኖራውን ብቻ፣ መዝዛ ምስጋናውንም መሸጋገሪያውንም በእሱ አሰረችው። ስሙ መጨረሻ ላይ ሲመጣ ጭብጨባው እንግዳውን እስከ መድረኩ ይሸኘዋል። ስሙ ቀድሞ ተጠርቶ ማብራሪያ ቢከተል ኖሮ፣ ግንበኛው ከወንበራቸው ተነስተው መሀል ላይ ቆመው ይቀሩ ነበር።