የአውቶካድን የተማሪ ፈቃድ በነፃ ያወጣሁበት መንገድ፦ ከመታወቂያው ቀን እስከ ላይሰንስ ስህተቱ

አውቶዴስክ ለተማሪዎች አውቶካድን ሙሉውን በነፃ ይሰጣል። ፈቃዱ ለአንድ ዓመት ይሠራል፤ ትምህርት ላይ እስካላችሁ ድረስም በየዓመቱ ይታደሳል። ለትምህርት ብቻ የተሰጠ ስለሆነ ተከፍሏችሁ የምትሠሩትን ፕላን በዚህ መሥራት አይፈቀድም። አወጣጡ ራሱ ከባድ አይደለም። ሰው የሚሰናከለው ሁለት ቦታ ላይ ነው፦ ተማሪነቱን በሚያሳየው ወረቀት ላይና ኮምፒውተሩ ውስጥ ቀድሞ በገባ ክራክ ላይ። እነዚህን ሁለቱን ሰፋ አድርጌ፣ ሌላውን ባጭሩ እጽፋለሁ።

አካውንቱን ስትከፍቱ ሀገር፣ የትምህርት ደረጃ፣ ሚና (ተማሪ የሚለውን ትመርጣላችሁ) እና የልደት ቀን ይጠየቃል። የልደት ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ሙሉ። ስም ላይ ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በአካውንቱ ላይ የጻፋችሁትና በወረቀቱ ላይ ያለው ስም ይመሳከራል። እኔ መታወቂያዬን ፊቴ አስቀምጬ ፊደል በፊደል ነው የገለበጥኩት። ዮሐንስ የሚለውን ስም አንዱ ሬጅስትራር `Yohannes` ሌላው `Yohanes` ብሎ ይጽፈዋል፤ እናንተ የለመዳችሁት ሳይሆን ወረቀቱ ላይ ያለው ነው የሚፈለገው። የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ የአባት ስም አስገቡ፤ የአያት ስም ወረቀቱ ላይ ከሌለ እዚህም አያስፈልግም።

የትምህርት ቤት ስም ሲጠየቅ ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ መምረጥ ነው። ተማሪዎች በለመዱት አጠራር፣ ለምሳሌ በግቢው ወይም በኢንስቲትዩቱ ምህጻረ ቃል ፈልገው ያጡታል። ዩኒቨርሲቲውን በሙሉ የእንግሊዝኛ ስሙ ፈልጉት። ቪፒኤን ከፍታችሁ ከሆነ በዚህ ጊዜ ዝጉት፤ ሀገራችሁ ኢትዮጵያ ተብሎ ግንኙነቱ ከአውሮፓ ሲመጣ ማረጋገጡ ሊስተጓጎል ይችላል።

ማረጋገጡን የሚሠራው ሺርአይዲ የተባለ ድርጅት ነው። ወረቀት ሲጠየቅ ሦስት ነገሮች አንድ ላይ መታየት አለባቸው፦ ሙሉ ስም፣ የትምህርት ተቋሙ ስም፣ እና ተማሪነቱ የአሁን መሆኑን የሚያሳይ ቀን። የኛ ሰው የሚወድቀው በሦስተኛው ነው። መታወቂያችን ላይ ያለው ቀን ብዙ ጊዜ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ የሚመረምረው ሰው ወይም ማሽን ግን ይህን አያውቅም።

አንድ መታወቂያ እንውሰድ። የሚያገለግለው እስከ 30/10/2018 ነው ይላል። ለኛ ይህ ሰኔ 30 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ ጁላይ 7 ቀን 2026 ማለት ነው። መርማሪው የሚያነበው ግን ኦክቶበር 30 ቀን 2018 ብሎ ነው፤ ማለትም ከዓመታት በፊት የሞተ መታወቂያ። ስለዚህ ውድቅ ያደርገዋል። ተማሪው ፎቶው ደብዝዞ ይሆናል ብሎ ያንኑ መታወቂያ አጥርቶ ደግሞ ይልካል፣ ደግሞ ይወድቃል። ጥራቱ ቢጨመር ቀኑ አይለወጥም።

እኔን ያዋጣኝ መታወቂያውን ትቶ ከሬጅስትራር ደብዳቤ ማጻፍ ነው። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ይሁን፤ የዩኒቨርሲቲው አርማ ከላይ፣ ማህተምና ፊርማ ከታች ይኑረው። የተጻፈበት ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁን፤ የትምህርት ዘመኑም 2018 ሳይሆን `2025/26` ተብሎ ይጻፍ። ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ማስፈር ፈልገው ከሆነ ከእያንዳንዱ አጠገብ የትኛው እንደሆነ ይጠቀስ። የማሳሰቢያ ያህል፦ በራሳችሁ እጅ መታወቂያው ላይ ቀን ማስተካከል ሰነድ ማጭበርበር ነው፤ እንኳን ለአውቶካድ ለምንም አይሆንም። ደብዳቤውን ስካን አድርጉ፤ በስልክ ካነሳችሁት አራቱም ማዕዘኖች ይታዩ፣ ማህተሙ ስሙን ወይም ቀኑን አይሸፍን።

ማረጋገጫው ሲደርሳችሁ ሥራው ያለቀ ይመስላል፤ ግን አንድ እርምጃ ይቀራል። ተማሪነታችሁ ተረጋገጠ ማለት አውቶካድ ተሰጣችሁ ማለት አይደለም። ከምርቶቹ ዝርዝር አውቶካድን ፈልጋችሁ `Get product` የሚለውን መጫን አለባችሁ። ይህን የዘለለ ሰው ፕሮግራሙን ከሌላ ቦታ አምጥቶ ቢጭነውም ሲገባ ፈቃድ የለህም ወይም የሙከራ ጊዜህ አልቋል ይባላል። ሌላው ምክንያት በሁለት ኢሜይል ሁለት አካውንት መኖሩ ነው፤ የተረጋገጠው በአንዱ፣ ፕሮግራሙ ላይ የተገባው በሌላው።

ቀጥሎ የትኛውን ዓመት ስሪት እንደምትወስዱ ትመርጣላችሁ። አዲሱን መውሰድ ግዴታ አይደለም። አውቶካድ 2025 ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራምና 10 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ይጠይቃል፤ የሚመከረው ራም ግን 32 ነው። ላፕቶፓችሁ ደከም ያለ ከሆነ ቀደም ያለውን ስሪት ውሰዱ። የጓደኛዬን ፋይል አይከፍትልኝም ብላችሁ አትስጉ፤ ከ2018 እስከ 2026 ያሉት ስሪቶች የሚያስቀምጡት የ`DWG` ዓይነት አንድ ነው።

አወራረዱ ላይ ሁለት ምርጫ አለ። `Install` የሚለው ትንሽ ፋይል ይሰጣችሁና ዋናውን ክፍል እየጫነ በኢንተርኔት ያመጣዋል። መስመሩ በመሃል ከተቆረጠ መጫኑም ይቆማል። እኔ ከጎኑ ባለችው ቀስት `Download` የሚለውን መርጬ ሙሉውን ፋይል አስቀድሜ አወረድኩ። ፋይሉ ለሁለት ተከፍሎ ከመጣ፣ ማለትም ስማቸው ላይ `001_002` እና `002_002` የሚል ካለ፣ ሁለቱም አንድ ፎልደር ውስጥ መሆን አለባቸው፤ ስማቸውም አይቀየር። የምታስነሱት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሲፈታ በመሃል ስህተት ካመጣ አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉ ሙሉ አልወረደም፤ መጠኑን ድረ ገጹ ላይ ከተጻፈው ጋር አመሳክሩ። የመጫኛው ፋይል፣ የተፈታው እና የተጫነው ሦስቱም ቦታ ስለሚይዙ `C` ላይ 20 ጊጋባይት ያህል ነፃ ቦታ ብታዘጋጁ ይበጃል።

ሲጫን በብዛት የሚያጋጥመው ስህተት 1603 ነው። ይህ ቁጥር ዊንዶውስ መጫኑ አልሆነም ከማለት ውጭ ምክንያቱን አይነግርም። ስለዚህ ቁጥሩን ከመፈለግ መዝገቡን መክፈት ይሻላል። ዊንዶውስና `R` ተጭናችሁ ይህን ጻፉ፦

```
%localappdata%\Autodesk\ODIS
```

እዚያ `Install.log` የሚለውን በኖትፓድ ክፈቱና ከታች ወደ ላይ `1603` ወይም `error` ፈልጉ። ከዚያ መስመር በላይ የየትኛው ክፍል መጫን እንደወደቀ ስሙ ተጽፏል። ስሙ ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ከሆነ ያንን ከማይክሮሶፍት በቀጥታ ለብቻው ጫኑት። የላይሰንስ ክፍል ከሆነ ከታች የምለውን አድርጉ። ያም ሆነ ይህ ከመድገማችሁ በፊት `%temp%` ውስጥ ያለውን አጥፉ፤ ኮምፒውተሩንም ሪስታርት አድርጉ። ተንጠልጥሎ የቀረ የዊንዶውስ አፕዴት ብቻውን ይህን ስህተት ሊያመጣ ይችላል።

አሁን ወደ ክራኩ። ክራክ ተጭኖበት የነበረ ኮምፒውተር ላይ ትክክለኛው ፈቃድ አልሠራ ሲል ሰው ፈቃዱን ይጠረጥራል። ችግሩ ግን ክራኩ ከአውቶዴስክ ጋር እንዳይገናኝ ብሎ የዘጋቸው በሮች ከተራገፈ በኋላም ዝግ ሆነው መቅረታቸው ነው። ምልክቱ ይህ ነው፦ የአውቶዴስክ ድረ ገጽ በስልክ ይከፈታል፣ በዚያው ዋይፋይ ላይ ባለው ላፕቶፕ ግን አይከፈትም፤ ወይም መግቢያው መስኮት ባዶ ነጭ ሆኖ ይቀራል።

መጀመሪያ ኖትፓድን በ`Run as administrator` ከፍታችሁ ይህን ፋይል ክፈቱ፦

```
C:\Windows\System32\drivers\etc\hosts
```

በ`127.0.0.1` ወይም በ`0.0.0.0` ጀምሮ `autodesk` የሚል ስም የያዘ መስመር ካለ አጥፍታችሁ አስቀምጡ። ቀጥሎ የዊንዶውስ ፋየርዎል ውስጥ `Outbound Rules` የሚለውን ከፍታችሁ አውቶካድን ወይም አውቶዴስክን የሚከለክል ቀይ ምልክት ያለበትን ደንብ ሰርዙ። ሦስተኛው የላይሰንስ አገልግሎቱ ነው፤ አንዳንድ ክራክ ፋይሎቹን በራሱ ስለሚተካ ይበላሻል። አውቶካድ ሲከፈት የላይሰንስ ማኔጀሩ አይሠራም ወይም በትክክል አልተጫነም ብሎ የሚዘጋው በዚህ ነው። ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ከፍታችሁ፦

```
sc query AdskLicensingService
net start AdskLicensingService
```

የመጀመሪያው `RUNNING` ካለ አገልግሎቱ እየሠራ ነው። `STOPPED` ካለ ሁለተኛው ያስነሳዋል። ተነስቶ ወዲያው ከወደቀ ወይም ጨርሶ የለም ካለ እንደገና መጫን ነው። የሚገኘው እዚህ ነው፦

```
C:\Program Files (x86)\Common Files\Autodesk Shared\AdskLicensing
```

ውስጡ ያለውን `uninstall.exe` በአድሚኒስትሬተር አስነሱ፤ ሲጨርስ የቀረውን ፎልደር አጥፉ፤ ከዚያ የላይሰንስ አገልግሎቱን መጫኛ ለብቻው ከአውቶዴስክ አውርዳችሁ ጫኑ። አውቶካድን ራሱን ማራገፍ ሳያስፈልግ ብዙ ጊዜ በዚሁ ይፈታል። ክራክ የተደረገው ያው የአሁኑ ስሪት ከነበረ ግን እሱንም አራግፉት፤ በላዩ ላይ መጫን ችግሩን ይዞት ይቀጥላል።

በሩ ሁሉ ተከፍቶ መግቢያው አሁንም እየተመላለሰ ይለፍ ቃል የሚጠይቅ ከሆነ ሰዓቱን ተመልከቱ። የቆየ ኮምፒውተር ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ባትሪ ሲሞት፣ በተለይ መብራት በጠፋ ቁጥር፣ ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ያኔ የኢንተርኔቱ የደህንነት ሰርተፍኬት ተቀባይነት ያጣል። የሰዓት ክልሉን ኢትዮጵያ ያለ ሰው ዊንዶውስ ላይ `(UTC+03:00) Nairobi` ያድርገው፤ ቀኑን ካስተካከላችሁ በኋላ አውቶካድን ዘግታችሁ ክፈቱ። ካልሆነ የድሮው መግቢያ መረጃ ይጥፋ፦ አውቶካድ ተዘግቶ ሳለ ከዚህ ፎልደር `idservices.db` የሚለውን አጥፉ፤

```
%localappdata%\Autodesk\Identity Services
```

እንደገና ስትገቡ ብሮውዘሩ `Autodesk Identity Manager` ልክፈት ወይ ብሎ ሲጠይቅ ፍቀዱለት። እሱን የከለከለ ሰው ብሮውዘሩ ላይ ገብቷል፣ አውቶካድ ግን አያውቀውም።

ከገባችሁ በኋላ ያለ ኢንተርኔት መሥራት ትችላላችሁ፤ ግን ቢያንስ በ30 ቀን አንዴ መገናኘት አለበት። ለረጅም ጊዜ ኔትወርክ ወደማይገኝበት ቦታ የሚሄድ ተማሪ ከመውጣቱ በፊት ከፍቶ መግባቱን ያረጋግጥ።

እድሳቱም የሚመጣው ፈቃዱ በወጣበት ወር ነው፤ ተማሪነቱ እንደገና ይጠየቃል። በሐምሌ ወይም በነሐሴ ያወጣ ሰው እድሳቱ ግቢው ባዶ በሆነበት፣ የአዲሱ ዓመት ምዝገባም ባልተጀመረበት ጊዜ ይመጣበታል። ምርጫ ካላችሁ የመጀመሪያው ሴሚስተር ምዝገባ ካለቀ በኋላ አውጡት፤ ደብዳቤውንም ያኔ ሁለት ቅጂ አጽፉ።