ኮዱ አልዘገየም፤ የሄደው ሌላ ሰው ጋ ነው

ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ አነስተኛ የጉምሩክ አስተላላፊ ድርጅት የሰነድ ሠራተኛ ነኝ። ከደረቅ ወደቡ ዕቃ የሚያወጡ ደንበኞቻችን ሰነዳቸውን የሚልኩልን በአንድ ጂሜይል ነው። ኢንቮይሱም፣ ፓኪንግ ሊስቱም ድራይቭ ላይ ነው የሚቀመጠው። ያ አካውንት ከተዘጋ ሥራችን ቆመ ማለት ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት ይኸው ደረሰብን።

ቅዳሜ የቢሮው ኮምፒውተር ፎርማት ተደርጎ ነበር። ሰኞ ስንከፍተው ጂሜይሉ እንደ አዲስ ግቡ አለን። የይለፍ ቃሉን ተቀበለ። ከዚያ በ47 ወደሚያልቅ ስልክ ኮድ እንደሚልክ ጻፈልን። አካውንቱን ከዓመታት በፊት የከፈተችው የሒሳብ ሠራተኛችን ስልኳን ይዛ ጠበቀች። ምንም አልመጣም። ደግመን አስላክን። የለም። ኔትወርኩ ነው ብለን ስልኩን አጥፍተን አበራነው፣ ወደ በረንዳ ይዘነው ወጣን፣ እንደገና አስላክን። በመጨረሻ ብዙ ስለሞከርን ከጥቂት ሰዓታት በኋላ እንድንመለስ የሚል ጽሑፍ መጣ።

ያኔ ነው 47ን ልብ ያልኩት።

"ያንቺ ቁጥር በስንት ነው የሚያልቀው?" አልኳት።

"በ12። 47 የድሮው ነው። ግን እኮ አምና ቁጥር ስለውጥ እዚያ ውስጥ ገብቼ ቀይሬዋለሁ! በእጄ ነው የቀየርኩት!"

እውነቷን ነበር፤ ቀይራዋለች። የቀየረችው ግን Recovery phone የሚለውን ነው። ጉግል ስልክ ቁጥር የሚይዝበት ቦታ አንድ ብቻ አይደለም። Recovery phone የይለፍ ቃል ሲጠፋ ወይም አካውንቱ ሲታገድ ባለቤቱን ለማግኘት ነው። በየመግቢያው ኮድ የሚላክበት ቁጥር ደግሞ 2-Step Verification በሚለው ሥር ለብቻው ተመዝግቦ ይቀመጣል። አንዱን መቀየር ሌላውን አይቀይርም። እሷ የመጀመሪያውን ስትቀይር ሁለተኛው 47 እንደያዘ ቀረ። ቢሮ ያለው ኮምፒውተር ሁልጊዜ ክፍት ስለነበር ዓመቱን ሙሉ ማንም ኮድ አልጠየቃትም። ስህተቱም ተደብቆ ቆየ።

በ12 በሚያልቀው ቁጥር አካውንቱን ለማስመለስ ሞከርን። ኮዱ መጣ፤ አስገባን። ጉግል ግን ባለቤትነታችሁን ማረጋገጥ አልቻልኩም አለ። አሁን ሳስበው አያስገርምም። ሲያስመልስ ከኮዱ በተጨማሪ ጥያቄው ከየትኛው መሣሪያ እንደመጣ ያያል። የእኛ ኮምፒውተር ደግሞ ገና ፎርማት የተደረገ፣ ለእሱ እንግዳ የሆነ ነው። በዚያ ላይ ጠዋቱን ሙሉ ስንነካካው ነው የዋልነው።

ሥራ አስኪያጃችን "በአሮጌው ቁጥር ለምን አትደውሉም?" አሉ። ደወለች። አንድ ሰውዬ አነሱ። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ሳይሠራበት ስለቆየ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። "ጠዋት ጂ የሚል ፊደልና ስድስት ቁጥር ያለው መልእክት ሲመጣብኝ ነበር" አሏት። አንዱን እንዲያነቡላት ለመነቻቸው። "ልጄ፣ እዚሁ ላይ ለማንም አትስጥ ይላል። አልችልም" ብለው ዘጉት።

እሷ አዘነች። እኔ ግን ሰውዬው ልክ ናቸው እላለሁ። እንዲህ ብሎ የሚደውለው ብዙ ጊዜ ሌባ ነው። የእሷን እውነት በምን ያውቃሉ? ደግሞ ነገሩ በተገላቢጦሽ ሲታይ ያስፈራል። የይለፍ ቃላችንን የሚያውቅ ሰው ያ ሲም እጁ ቢገባ ኖሮ ዘው ብሎ ይገባ ነበር።

ገጹ ላይ Try another way የሚለውን ስንነካ አንድ ሌላ አማራጭ መጣ። አካውንቱ ገብቶ ባለበት ስልክ ላይ "አዎ" ማለት ይቻላል። ከዚህ በፊት ጂሜይሉን በየትኛው ስልክ እንደከፈተችው ጠየቅኳት።

"በድሮው ስልኬ። እሱ ግን ስክሪኑ ተሰነጣጥቆ ደሴ እማዬ ቤት መሳቢያ ውስጥ ነው። ሲም እንኳ የለውም።"

ሲሙ አያስፈልገንም። ብዙ ሰው የሚስተው ይህንን ነው። ሲም ሲወጣ አካውንቱ ከስልኩ አይወጣም። ዋይፋይ ካገኘ ያ ስልክ ለጉግል አሁንም የታወቀ መሣሪያ ነው። ወዲያው እናቷ ጋ ደወለች። "እማዬ፣ መሳቢያ ውስጥ ያለውን ስልክ ማንም እንዳይነካው!" ለካ ታናሽ ወንድሟ አጥፍቶ እንደ አዲስ ሊጠቀምበት አስቦ ነበር። ሪሴት ቢያደርገው ኖሮ ያ በር ይዘጋብን ነበር።

ሚኒባስ ተሳፍረን በሐረጎ አቀበት ወደ ደሴ ወጣን። ቢሮ ኮምፒውተሩ ጋ አንድ ልጅ አስቀምጠናል። እናቷ ገና በር ላይ "አብሽሩ፣ ይገኛል" እያሉ ቡና አቀራረቡ። ስልኩ ቻርጅ ሆኖ ተነሣ፤ ዋይፋይም ያዘ። ጂሜይሉ ግን አልገናኝ አለ። ባትሪው ለረጅም ጊዜ ስለሞተ ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ሄዶ ነበር። ስልክ ቀኑ ከተዛባ የድረ ገጾችን የደኅንነት ማረጋገጫ ጊዜው ያላለቀ መሆኑን ማወቅ ስለማይችል ግንኙነቱን ይከለክላል። ቀንና ሰዓቱን አስተካከልነው። ሜይሎቹ መግባት ጀመሩ።

ኮምቦልቻ ያለው ልጅ እንደገና ሞከረ። ኮምፒውተሩ ላይ 38 የሚል ቁጥር ወጣ። እዚህ ስልኩ ላይ "ለመግባት እየሞከርክ ነው?" የሚል ጥያቄ ከሦስት ቁጥሮች ጋር መጣ። በስልክ እየተነጋገርን 38ን ነካች። "ገባሁ!" ብሎ ጮኸ።

ልጁ እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ቁጥሩን ልቀይረው አለ። ቆይ አልኩት። ጉግል ገና አሁን በተገባበት መሣሪያ እንዲህ ያለ ለውጥ ለቀናት ሊከለክል ይችላል። አሮጌው ስልክ ግን የቆየ ስለሆነ ይፈቅዳል። ስለዚህ ቡናችንን እየጠጣን በዚያ በተሰነጠቀ ስክሪን ሠራነው። መጀመሪያ አዲስ ቁጥር አስገባን፤ አንዱ የእሷ፣ ሌላው በድርጅቱ ስም የወጣ የቢሮ ሲም። ሁለቱም ላይ ኮድ መምጣቱን ካየን በኋላ ነው 47ን ያጠፋነው። ቅደም ተከተሉን የምጠቅሰው አሮጌውን አስቀድሞ አጥፍቶ አዲሱን ሲጽፍ የሚሳሳት ሰው ስላየሁ ነው። +251 ተመርጦ እያለ ዜሮውን ደግሞ ከፊት የሚጨምር ሰውም አጋጥሞኛል።

ከዚያ Backup codes የሚለውን ከፈትን። ባለ ስምንት አኃዝ 10 ኮዶች ሰጠን። እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል፤ ስልክም ኔትወርክም አይፈልግም። አዲስ ዝርዝር ካስወጣችሁ ደግሞ የድሮው ወዲያው ይሰረዛል። እኛ በወረቀት ጽፈን ቢሮው ካዝና ውስጥ አስገባነው። ድራይቩ ላይ እንዳናስቀምጠው የተከራከርኩት እኔ ነኝ፤ ድራይቩ ሲዘጋ ኮዱም አብሮ ይዘጋል።

ወደ ኮምቦልቻ ስንመለስ መሽቶ ነበር። እሷ መኪና ውስጥ ስልኳን አውጥታ በ47 ወደሚያልቀው ቁጥር መልእክት ጻፈች። "አባቴ፣ ጠዋት የደወልኩት እኔ ነኝ። ቁጥርዎን ከአካውንታችን አውጥተነዋል። ከእንግዲህ ኮድ አይመጣብዎትም። ስላልሰጡኝ አመሰግናለሁ።"