90 ሳንቲሟ

የግዢ ደረሰኞችን ወደ ሲስተም የማስገባው እኔ ነበርኩ። ሲስተሙ ቫትን በየመስመሩ አስልቶ ይደምራል። ድምሩ ደረሰኙ ግርጌ ላይ ከታተመው ቫት ጋር ካልገጠመ፣ ልዩነቱም ከ1 ብር ካነሰ፣ «የማጠጋጋት ልዩነት» የሚለው ሒሳብ ውስጥ ከትቼው አልፋለሁ። ሥራ ይበዛል፤ ለሳንቲም ማን ይቆማል ብዬ ነበር።

አንድ የወር መጨረሻ ላይ የሒሳብ ኃላፊያችን ያንን ሒሳብ ስታይ ጠራችኝ። የጽሕፈት ዕቃ ደረሰኝ ነው፤ ልዩነቱ 90 ሳንቲም።

«ስንት መስመር አለው?» አለችኝ።

«አራት።»

«ታዲያ አራት መስመር 90 ሳንቲም ከየት ያመጣል?»

ወረቀት አውጥታ አሳየችኝ። ሁለት መስመር አለ እንበል፤ እያንዳንዱ 45.70 ብር። 15 በመቶው 6.855 ስለሆነ ወደ 6.86 ይጠጋል። ሁለቱ ሲደመሩ 13.72 ይሆናሉ። ሻጩ ግን መጀመሪያ ዋጋውን ደምሮ፣ ከ91.40 ላይ ቢያሰላ 13.71 ያገኛል። ማንም አልተሳሳተም። እንዲህ ሲሆን ቫቱን የምንይዘው ደረሰኙ ላይ በታተመው ነው፤ ሻጩም የሚያሳውቀው እሱን ነውና። የመስመሩን ዋጋ ነካክቶ ማስታረቅ ግን አይሆንም።

ዋናው ነገር፣ አንድ መስመር ሲጠጋጋ ከግማሽ ሳንቲም በላይ ሊያዛንፍ አይችልም። ጠቅላላው ራሱ ሲጠጋጋ ሌላ ግማሽ ይጨምራል። ስለዚህ አራት መስመር ቢበዛ 2 ሳንቲም ነው የሚያመጣው። 18 መስመር ቢሆን 9 ሳንቲም። የእኔ የ1 ብር ገደብ መስመር አይቆጥርም ነበር።

ከዚያ 0.90ን ለ0.15 አካፈለችው። ልክ 6 ብር መጣ። ደረሰኙን እንደገና ሳየው ሦስተኛው መስመር ላይ «ቅናሽ 6.00» ይላል። ቅናሹ ከዋጋው ላይ ተነስቷል፤ መስመሮቹ ሲደመሩ 1,234 ብር ናቸው፣ ቫቱም 185.10። ግርጌ ላይ ያለው 186.00 ግን ከቅናሹ በፊት ከነበረው 1,240 ብር ላይ የተሰላ ነው። ማጠጋጋት እንዲህ ድፍን ቁጥር አይሰጥም። ሲካፈል ደረሰኙ ላይ ያለ ቁጥር ቁልጭ ብሎ ከመጣ፣ ቅናሽ ወይም ቫት የሌለበት ዕቃ አለ ማለት ነው።

የዚያን ሻጭ የቆዩ ደረሰኞች አገላበጥኩ። ቅናሽ ያለባቸው ሰባት ነበሩ፤ ሰባቱም ላይ ያው ስህተት አለ። ሁሉንም እኔው ነበርኩ ያሳለፍኳቸው። ከልክ በላይ ቫት ከፍለናል፤ ተመላሽ ብለንም ይዘነዋል። በጣም ከነከነኝ። ሻጩ ስንደውልለት አልተከራከረም፤ አስተካክሎ ላከልን።

አሁን ኤክሴሌ ላይ G የመስመር ብዛት፣ H የመስመሮቹ ቫት ድምር፣ I የታተመው ቫት ነው፦

```
=ROUND(ABS(H2-I2),2)<=(G2+1)*0.005
```

TRUE ካለ ልዩነቱን ወደ ማጠጋጋት ሒሳብ እወስደዋለሁ። FALSE ካለ፣ 3 ሳንቲም እንኳ ብትሆን፣ ደረሰኙን መስመር በመስመር ሳላየው አልመዘግብም።